አንዱ ሰው በአራት ስም፦ የሩስያ ልብ ወለድ ስሞችን ወደ አማርኛ የመመለሻ መመሪያ

የሩስያ ልብ ወለድ መተርጎም የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ይሄ ሮድያ የሚባለው ማነው? ሮዲዮን ሮማኖቪችስ? ራስኮልኒኮቭስ? ሦስቱም አንድ ሰው ከሆኑ ለአንባቢው እንዲቀል ሁሉንም ራስኮልኒኮቭ ብዬ ብጨርሰውስ?» ይላል። አጭሩ መልስ አይሆንም ነው። ገጸ ባሕሪው የሚጠራበት ስም የሚለዋወጠው በምክንያት ነው። የጠሪውን ማንነት፣ ቅርበቱን፣ አክብሮቱን፣ አንዳንዴም ንቀቱን የሚነግረን ስሙ ነው። ሁሉንም አንድ ካደረጋችሁት ያ ሁሉ ከመጽሐፉ ይጠፋል። እንዳለ ብትተዉት ደግሞ አንባቢው በሃያኛው ገጽ ላይ ግራ ገብቶት መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ መሀል መንገድ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እሱን ያሳያል። አብዛኞቹን ምሳሌዎች የወሰድኩት ከዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው። ከላይ ያነሳሁት ራስኮልኒኮቭ የዚህ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕሪ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው፣ የስም ችግር የሚባለውም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የምትተረጉሙበት መጽሐፍ። ብዙዎቻችን የምንሠራው ከእንግሊዝኛው ነው።
- የሩስያኛው ዋና ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር ላይ ቃል የሚፈለግበት ዓይነት። ሩስያኛ ባትችሉም ያስፈልጋችኋል። የዶስቶየቭስኪ ዘመን መጻሕፍት የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ በነጻ ይገኛሉ።
- የሩስያ ፊደል ሠንጠረዥ። 33 ፊደላት ናቸው። ትንሽ ከተቀመጣችሁበት ስም ለማንበብ የሚበቃ ትለምዱታላችሁ።
- የመጽሐፉ የሩስያኛ የድምፅ ንባብ። ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ለመስማት።
- ሰፊ ሠንጠረዥ የሚሰመርበት ደብተር ወይም ኤክሴል።

1. ከመተርጎማችሁ በፊት የስም መዝገብ አዘጋጁ

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከመተርጎማችሁ በፊት መጽሐፉን አንዴ አንብባችሁ ጨርሱ። እያነበባችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ክፈቱ። በገጹ ላይ ሙሉ ስሙን፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ጠሪው «አንተ» ይበለው ወይም «እርስዎ»፣ እና እናንተ የወሰናችሁትን የአማርኛ አጻጻፍ አስፍሩ። አጠራሩ የሚቀየርበት ቦታ ካለ ምዕራፉንም ጻፉ።

የራስኮልኒኮቭ እኅት ገጽ ይህን ይመስላል፦

አቭዶትያ ሮማኖቭና ራስኮልኒኮቫ
- እናቷ፦ ዱንያ፣ ስታቆላምጣት ዱኔችካ። «አንቺ»።
- ወንድሟ፦ ዱንያ። «አንቺ»።
- እጮኛዋ ሉዢን፦ አቭዶትያ ሮማኖቭና። «እርስዎ»።
- የወንድሟ ጓደኛ ራዙሚኺን፦ አቭዶትያ ሮማኖቭና። «እርስዎ»።
- የቀድሞ አሠሪዋ ስቪድሪጋይሎቭ፦ አቭዶትያ ሮማኖቭና። «እርስዎ»፣ ስድስተኛው ክፍል ላይ ግን ይቀየራል።
- ተራኪው፦ አብዛኛውን ጊዜ ዱንያ፣ አንዳንዴ አቭዶትያ ሮማኖቭና።

ይህን አስቀድሞ መሥራት ግድ የሚሆነው ለምንድነው? አቭዶትያ እና ዱንያ በድምፅ ፈጽሞ ስለማይገናኙ ነው። ካትያ ከካቴሪና እንደመጣች መገመት ይቻላል። ዱንያን ከአቭዶትያ፣ ሳሻን ከአሌክሳንድር፣ ግሩሼንካን ከአግራፌና የሚያገናኝ ሰው ግን ካልተነገረው አይኖርም። መዝገብ የሌለው ተርጓሚ አሥረኛው ምዕራፍ ላይ አዲስ ሰው የመጣ ይመስለውና እንደ አዲስ ሰው ይተረጉመዋል።

ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በአጻጻፍ አይስማሙም። በአንዱ `Dunya` ተብላ የተጻፈችው በሌላው `Dounia` ናት። ሩስያኛው ላይ ስትፈልጉ `Дун` ብላችሁ ብትጽፉ ዱንያም ዱኔችካም አብረው ይመጡላችኋል። `Авдоть` ስትሉ ደግሞ አክብረው የጠሯት ቦታ ሁሉ ይወጣል።

2. ስሙን ሦስት ቦታ ክፈሉት

የሩስያ ሙሉ ስም የራስ ስም፣ የአባት ስም እና የቤተሰብ ስም አለው። ሮዲዮን ሮማኖቪች ራስኮልኒኮቭ ማለት የራስኮልኒኮቭ ቤተሰብ የሆነው የሮማን ልጅ ሮዲዮን ነው።

የእኛ አንባቢ የአባት ስም ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። እኛም በአባት ስም ነው የምንጠራው። የሚያሳስተውም ይሄው ነው። በእኛ አገር ሁለተኛው ስም ራሱ የአባትየው ስም ነው። በሩስያኛ ግን የአባትየው ስም መጨረሻው ተቀይሮ ነው የሚመጣው፣ ለወንድና ለሴት ልጅም ይለያያል። አባትየው ሮማን ነው። ወንዱ ልጅ ሮማኖቪች ሲባል ሴቷ ሮማኖቭና ትባላለች። ያልተነገረው የአማርኛ አንባቢ ሮማኖቪችና ሮማኖቭናን ሲያይ «ለካ አባታቸው አንድ አይደለም» ይላል። ወንድምና እኅት የመሆናቸው ነገር እዚያው ይበላሻል።

አሠራሩ ቀላል ነው። «‑ኦቪች» ወይም «‑ዬቪች» ለወንድ፣ «‑ኦቭና» ወይም «‑ዬቭና» ለሴት። የአባትየው ስም በ«ኣ» ወይም በ«ያ» ሲያልቅ ግን ያጥራል፦ የኢልያ ልጅ ኢሊይች፣ የኒኪታ ልጅ ኒኪቲች፣ የሉካ ልጅ ሉኪች። ውስጡም የሚለወጥ አለ። የፒዮትር ልጅ ፔትሮቪች ነው፣ የፓቬል ልጅ ፓቭሎቪች። «ፒዮትሮቪች» ብላችሁ አታስተካክሉ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የአባት ስም መመሳሰል ሁልጊዜ ዝምድና አይደለም። አራጣ አበዳሪዋ አሊዮና ኢቫኖቭና ናት፣ ሊዛቬታም ኢቫኖቭና ናት። እነዚህ በእርግጥ በእናት የሚለያዩ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ግን የሰካራሙ ማርሜላዶቭ ልጅ የሶንያ እንጀራ እናትም ካቴሪና ኢቫኖቭና ናት፣ ስቪድሪጋይሎቭም አርካዲ ኢቫኖቪች ነው፣ ከማንኛቸውም ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ፔትሮቪችም እንዲሁ ነው፦ መርማሪው ፖርፊሪ፣ እጮኛው ሉዢን እና ፖሊሱ ኢልያ ሦስቱም ፔትሮቪች ናቸው። የእኛ አንባቢ ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል። መፍትሔው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ያለው የስም ማስታወሻ ማስቀመጥ ነው። ኢቫንና ፒዮትር በጣም የተለመዱ ስሞች መሆናቸውን፣ የአባት ስም ለወንድና ለሴት እንዴት እንደሚለያይ እዚያ ንገሩት። በየገጹ ግርጌ ማስታወሻ አታብዙ። ንባቡን ይቆራርጠዋል።

3. ጴጥሮስ እና ዮሐንስ አታድርጓቸው

ይሄ ፈተና ለእኛ ለብቻችን የመጣ ነው። ሩስያም ኢትዮጵያም የኦርቶዶክስ ክርስትና ስላለ ስሞቹ ከአንድ ምንጭ ናቸው። ፒዮትር ጴጥሮስ ነው፣ ኢቫን ዮሐንስ፣ ሴሚዮን ስምዖን፣ ኢልያ ኤልያስ፣ ሉካ ሉቃስ። ብዙ ጀማሪ ተርጓሚ «ታዲያ በእኛው ብጽፈው ምን አለበት?» ይላል። አለበት። ሉዢንን «ጴጥሮስ» ብትሉት አንባቢው የአራት ኪሎ ሰው ነው የሚታየው። ከዚያ «ጴጥሮስ ፔትሮቪች» ልትሉ ነው ወይስ «ጴጥሮስ ጴጥሮስ»? የማቆላመጫውስ? ጴጥሮስ ፔትያ አይሆንም። አንዱን ሲቀይሩ ሌላው ይፈርሳል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ሲነሱ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስማቸው ጻፏቸው። አራተኛው ክፍል ላይ ሶንያ ለራስኮልኒኮቭ የምታነብለት ታሪክ የአልዓዛር ነው። እዚያ ላይ ከእንግሊዝኛው «ላዛረስ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አንባቢው በልጅነቱ የሚያውቀውን ታሪክ ባዕድ አደረገበት። ንባቡንም ከአማርኛው የዮሐንስ ወንጌል እንዳለ ውሰዱት።

4. ፊደሉን ወስኑና አትንቀሳቀሱ

የሩስያ ድምፆች በግዕዝ ፊደል በደንብ ይጻፋሉ። ከላቲን ይልቅ የሚቀናንም ቦታ አለ። «ዥ» አለን፣ ስለዚህ `Luzhin` የሚለውን «ሉዝሂን» አትበሉት፣ ሉዢን ነው። `kh` ተብሎ የሚጻፈው «ኽ» ነው፦ ራዙሚኺን፣ ፑልኼሪያ። `ch` «ች» ነው እንጂ «ጭ» አይደለም። በአጠቃላይ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እና ቀ ለሩስያ ስም አያስፈልጉም። ሩስያኛ እነዚህ ድምፆች የሉትም።

መጨረሻ ላይ ያለው «ቭ» ሲነገር ወደ «ፍ» ይጠጋል። ድምፁን ሰምታችሁ «ራስኮልኒኮፍ» ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ «ቭ»ን እመክራለሁ። ሴቷ ራስኮልኒኮቫ ስለሆነች የባልና ሚስት፣ የእናትና ልጅ ግንኙነት በዓይን የሚታየው «ቭ» ሲሆን ነው።

ሁለት ነጥብ ያለባት የሩስያ ፊደል `ё` ደግሞ ብዙ ሰው ታሳስታለች። «ዮ» ተብላ ነው የምትነበበው፣ ግን መጻሕፍት ነጥቦቹን ብዙ ጊዜ ስለሚተዉ እንግሊዝኛው ላይ `Semenovna`፣ `Alena` ተብሎ ይገኛል። ትክክለኛዎቹ ሴሚዮኖቭና እና አሊዮና ናቸው። የድምፅ ንባቡ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ስትጠራጠሩ ስሙ የሚነሳበትን ምዕራፍ ከፍታችሁ ስሙት።

አሁን ወደ ዱንያ እንመለስ። እኛ ፊደል ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለም። እንግሊዝኛው በትልቅ ሆሄ ስም መሆኑን ያሳያል፣ እኛ የምናሳይበት መንገድ የለንም። ዱንያ ደግሞ በአማርኛ ዓለም ወይም ሀብት ማለት ነው። «ዱንያ ከፋችበት» ብላችሁ ብትጽፉ ዓለም ከፋችበት ወይስ እኅቱ? «ዱኛ» ብዬ ልጻፈው ብትሉ ድምፁ እንዲያውም ለሩስያኛው ይቀርባል፣ ግን ስለ ወንጀልና ስለ ፍርድ በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ ዓይን «ዳኛ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ዱንያን አትቀይሩ፣ ዙሪያዋን ጠብቁ። ስሟ መጀመሪያ ሲነሳ ከዝምድናዋ ጋር አስተዋውቋት። ከዚያ በኋላ አሻሚ በሚሆንበት ቦታ ላይ ብቻ «እኅቱ ዱንያ» በሉ ወይም ዓረፍተ ነገሩን አዙሩት።

5. ከማቆላመጫዎቹ የትኛውን እንደምታስቀሩ ወስኑ

ማቆላመጫዎቹን በሦስት መደብ ክፈሏቸው።

የመጀመሪያው ተራው አጭር ስም ነው፦ ሮድያ፣ ዱንያ፣ ሶንያ፣ ኮልያ። ይሄ ፍቅርን ለመግለጥ ብቻ አይባልም፣ ቤተሰብና ጓደኛ በየቀኑ የሚጠራበት ስም ነው። ይህን ሁልጊዜ አስቀሩት። የሰውየው ሁለተኛ ስም ነው።

ሁለተኛው የተጨመረበት ማባበያ ነው፦ ሮዴንካ፣ ዱኔችካ፣ ሶኔችካ፣ ፖሌንካ። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ መሣሪያ አለው። «ዬ» አለን፣ «የኔ ልጅ»፣ «ሆዴ» አለን። ሰውየው ሮድያ መሆኑ ለአንባቢ ከተዋወቀ በኋላ እናቱ ሮዴንካ ስትለው «ሮድያዬ» ወይም «ሮድያ ልጄ» ብትሉ ፍቅሩ ይተላለፋል፣ አዲስ ስምም አልጨመራችሁም። ሥሩን ግን አትንኩት። «ሮዲ» ወይም «ሶኒ» ብሎ ማሳጠር የአዲስ አበባ ልጅ ያስመስላቸዋል። ልጅቷ ፖሌንካ ግን ተራኪውም እንዲያ ብሎ ስለሚጠራት እንደ ዋና ስሟ ያዙት።

ሦስተኛው «‑ኤንካ» ወይም «‑ኤችካ» ሳይሆን በ«ካ» ብቻ የሚያልቀው ነው፦ ሮድካ፣ ሚኮልካ፣ ቫንካ። በንቀትም ይባላል፣ በጓደኛ መሀል በድፍረትም ይባላል፣ ለገበሬና ለሠራተኛ ደግሞ እንደ ተራ ስም ያገለግላል። ራስኮልኒኮቭ በሕልሙ ፈረሷን ሲገድላት የሚያየው ሰው ሚኮልካ ነው። ኋላ «ገዳዩ እኔ ነኝ» ብሎ የሚመጣው ቀለም ቀቢውም ኒኮላይ ሲሆን ሚኮልካ ይባላል። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የስሙን መመሳሰል ግን አንባቢው ማየት አለበት። አንዱን «ሚኮልካ» ሌላውን «ኒኮላይ» ብላችሁ ከለያችኋቸው ደራሲው ያሰረውን ክር በጠሳችሁት። «ካ» ስድብ በሆነበት ቦታ ላይ ግን ስሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም፣ ንቀቱ በአማርኛው ግሥና ቃል ይውጣ።

አዲስ የስም ዓይነት መጀመሪያ ሲመጣ አንባቢውን ይዛችሁ ተሻገሩ። ዱንያ የምትነሳው አንደኛው ክፍል ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በእናትየዋ ደብዳቤ ውስጥ ነው። እናት ለልጇ ስትጽፍ «አቭዶትያ የተባለችው እኅትህ» አትልም። ሐበሻ እናት ግን «ለእኔና ለእኅትህ ለዱንያ ያለኸን አንተ ብቻ ነህ» ብትል ምንም አይጎረብጥም። አንዲት ቃል ተጨመረች፣ አንባቢውም ዱንያ ማን እንደሆነች አወቀ። ኋላ አቭዶትያ ሮማኖቭና የሚለው ሲመጣ ደግሞ ተራኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ስም ያገናኛቸው። ከዚያ በኋላ አንባቢውን እመኑት።

6. የአባት ስሙን ከ«እርስዎ» ጋር አያይዙት

ሩስያኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው። `ты` አንተ ወይም አንቺ ነው፣ `вы` እርስዎ ወይም እናንተ። እንግሊዝኛው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጨርሰው ከእንግሊዝኛ የምትተረጉሙ ከሆነ ይህ ከፊታችሁ ጠፍቷል። መልሳችሁ የምታገኙት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ስሙ ራሱ ነው። የራስ ስምና የአባት ስም አያይዞ የሚጠራ ሰው በአብዛኛው «እርስዎ» ነው የሚለው። በአጭር ስም የሚጠራ «አንተ» ይላል። ፖርፊሪ ራስኮልኒኮቭን «ሮዲዮን ሮማኖቪች» ይለዋል፣ ስለዚህ እርስዎ። ጓደኛው ራዙሚኺን «ሮድያ» ይለዋል፣ ስለዚህ አንተ። የአባት ስሙ በሩስያኛ የሚሠራውን የአክብሮት ሥራ በአማርኛ «እርስዎ» ስለሚያግዘው «አቶ ሮዲዮን ሮማኖቪች» ብላችሁ አትደርቡ። «አቶ» የሚመጣው ሰውየው በቤተሰብ ስሙ በመደበኛ አጠራር ሲጠራ ነው፦ «አቶ ራስኮልኒኮቭ»።

ይሄ ሕግ ግን ይሰበራል። ሠራተኛዋ ናስታስያ ለራስኮልኒኮቭ «አንተ» ነው የምትለው። ከእንግሊዝኛው የሚሠራ ተርጓሚ «ሠራተኛ ናት፣ እርስዎ ትላለች» ብሎ ይገምታል፣ ከዚያ ያቺ በገጠር ልጅ አፍ የምትቀልድ፣ «ተነስ እንጂ፣ ምን ትተኛለህ» የምትል ሴት ትጠፋለች። ስለዚህ ሁለተኛውንም መንገድ ተጠቀሙ። ሩስያኛው ላይ ንግግሩን ፈልጋችሁ `ты`፣ `тебя`፣ `тебе` ወይም `вы`፣ `вас`፣ `вам` መኖሩን ተመልከቱ። ቋንቋውን ሳታውቁ የምታደርጉት ነገር ነው፣ ግምቱን ሁሉ ያስቀራል።

ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም ለማየት ሁለት ቦታ ልውሰድ። አምስተኛው ክፍል አራተኛው ምዕራፍ ላይ ራስኮልኒኮቭ ለሶንያ መግደሉን ይነግራታል። ሶንያ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ነው የምትለው። መጀመሪያ ስትጮህም እንዲሁ ነው፦ «በራስዎ ላይ ምን አደረጉ!» ወዲያው ታቅፈውና «በዓለም ላይ ካንተ የባሰ ያልታደለ የለም» ትላለች። እርስዎ የነበረው አንተ ሆነ። እንግሊዝኛው ላይ ይህ አይታይም፣ አማርኛው ላይ ግን አንባቢው ሳይነገረው ይሰማዋል።

ሁለተኛው ቦታ ስድስተኛው ክፍል ላይ ነው፣ ስቪድሪጋይሎቭ ዱንያን ክፍል ውስጥ ሲቆልፍባት። ሽጉጥ አውጥታ ስትደግንበት እሷም ወደ «አንተ» ትዞራለች፦ «ሚስትህን መርዘሃታል፣ ነፍሰ ገዳይ አንተ ነህ»። እዚህ አንተ ማለቷ ከቁጣ ነው፣ የሶንያ ግን ከርኅራኄ። ትንሽ ቆይቶ እሱ ቀስ ብሎ «አትወጂኝም?» ሲላት ደግሞ አንቺ ነው። ሦስቱም አማርኛ ውስጥ ተፈጥሯዊ ናቸው። መዝገባችሁ ላይ «የሚቀየርበት ቦታ» የሚለው ዓምድ የተሰመረው ለዚህ ነው። ቀድማችሁ ሶንያን «አንተ» ካሰኛችኋት፣ አምስተኛው ክፍል ስትደርሱ የምትሰጡት ነገር አይኖራችሁም።

አማርኛ ሩስያኛ የማይጠይቀውን አንድ ነገር ይጠይቃል። ስለ ሌላ ሰው ስናወራም «እሷ» ወይም «እሳቸው» ማለት አለብን። የእኔ ምክር ተራኪው ሁሉንም እሱና እሷ እንዲላቸው ነው፣ እናትየዋን ጨምሮ። ተራኪው ለአንዷ «እሳቸው» ካለ ለሌላዋ ያላለበትን ምክንያት አንባቢው ይጠይቃል። ገጸ ባሕሪያቱ ሲነጋገሩ ግን እንደየአፋቸው ይሁን። ራዙሚኺን ስለ ጓደኛው እናት ሲያወራ «እሳቸው» ቢል ነው የሚያምረው።

7. የአባት ስም መሣሪያ ሲሆን አትንኩት

የማርሜላዶቭ ቤተሰብ የተከራየባት ሴትዮ ጀርመናዊት ናት፣ አማልያ ኢቫኖቭና ካልተባልኩ ትላለች። ካቴሪና ኢቫኖቭና ግን ሆን ብላ «አማልያ ሉድቪጎቭና» እያለች ትጠራታለች። ሴትዮዋ ትቆጣለች፣ ሌላዋ ትደግማለች፣ በተዝካሩ ማዕድ ላይ ነገሩ ጠብ ይሆናል። ስሙን «ለማስተካከል» ብላችሁ ሁለቱን ቦታ አንድ ካደረጋችሁት ጠቡ መነሻ ያጣል። ስም በሁለት ዓይነት ሲመጣ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስህተት ነው፣ የአጻጻፍ ልዩነት ነው ወይስ ስድብ ነው? መልሱ ሩስያኛው ላይ አለ።

የአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፕሮኮፊይች እና ፕሮኮፊዬቪች፣ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ጣሉት። አጭሩ የንግግር ነው፣ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

ተራኪው የራስኮልኒኮቭን እናት ፑልኼሪያ አሌክሳንድሮቭናን በአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ በሙሉ ስሟ ከጠራት፣ የተወሰኑትን «እናትየዋ» ብላችሁ ብታቀሉ ችግር የለውም። በትረካ ውስጥ ብቻ። በንግግር ውስጥ ያለ ስም አይቀነስም፣ አይቀየርም።

8. ጾታውን ከግሡ በፊት እወቁ

አማርኛ ግሥ ያለ ጾታ አይቆምም። ሳሻ፣ ዤንያ፣ ቫልያ እና ሹራ ግን የወንድም የሴትም ስም ናቸው። በ«ኣ» ወይም በ«ያ» ስላለቀ ሴት ነው አትበሉ፦ ኢልያ፣ ኒኪታ፣ ሮድያ፣ ኮልያ ወንዶች ናቸው። ፈጣኑ ማረጋገጫ የአባት ስሙ ነው። «ች» ላይ ካለቀ ወንድ ነው፣ «ና» ላይ ካለቀ ሴት። እሱ ከሌለ የቤተሰብ ስሙን እዩ፦ ማርሜላዶቭ እሱ ነው፣ ማርሜላዶቫ እሷ። «ስኪ» ወንድ፣ «ስካያ» ሴት።

የሴቷን መጨረሻ እንዳለ አስቀሩት። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር የ«ቫ»ን ነገር መግቢያው ማስታወሻ ላይ አንዴ ንገሩ። ቤተሰቡን በጅምላ ስትጠሩ ደግሞ «ማርሜላዶቮች» አትበሉ፣ «እነ ማርሜላዶቭ» የሚል ያማረ አማርኛ አለ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሩስያኛው በቀጥታ የሚሠሩ ሰዎች ስሙን ከነሙያው ይገለብጡታል። ሩስያኛ የስምን መጨረሻ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሙያ ይቀይራል፣ ስለዚህ «ዱኔ» ያላችሁት ሌላ ሴት ሳትሆን «ለዱንያ» ማለት ነው። ሁልጊዜ ወደ መነሻ ቅርጹ መልሱት።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም አለ። አንዱ ምዕራፍ ላይ «ሶንያ» ሌላው ላይ «ሦንያ»፣ አንዱ ላይ «አቭዶትያ» ሌላው ላይ «ዓቭዶትያ»። አንባቢው ያልፈው ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ግን ስትፈልጉ አያገኝላችሁም። ለባዕድ ስም ሰ፣ አ እና ሀ ብቻ ተጠቀሙ።

ሌላው ስህተት መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚደበቅ የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ በቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሙሉ ስም ጎን አጭር ስሙ ተጽፎ። ማን ማንን እንደገደለ ወይም ማን ማንን እንደሚያገባ ግን እዚያ ላይ አትጻፉ።

የመጨረሻ ፍተሻ

ረቂቁ ሲያልቅ መዝገቡን ይዛችሁ እያንዳንዱን ስም ኮምፒውተር ላይ ፈልጉ። አማርኛ ስም ላይ ከፊትም ከኋላም ስለሚለጥፍ ሙሉ ቃሉን ሳይሆን ግንዱን ፈልጉ፦ «ራስኮልኒኮ» ብትሉ የራስኮልኒኮቭ፣ ራስኮልኒኮቭን፣ ራስኮልኒኮቫም፣ በስህተት የገባ ራስኮልኒኮፍም አብረው ይወጣሉ። ከዚያ ንግግሮቹን ብቻ በየጥንዱ አንብቡ፦ የሶንያና የራስኮልኒኮቭን በሙሉ በአንድ ቁጭታ፣ ቀጥሎ የፖርፊሪንና የራስኮልኒኮቭን። በየምዕራፉ ስትሠሩ ያላያችሁት አንድ «እርስዎ» በ«አንቱ» ተተክቶ ወይም አንድ «አንተ» ያለጊዜው ገብቶ የሚገኘው በዚህ ንባብ ነው። በመጨረሻም መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ፈልጉና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ስጡት። ሲጨርስ የእናትየዋ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ሰው እንደተነሳ ጠይቁት። ሮድያንና ራስኮልኒኮቭን ለየብቻ ከቆጠራቸው አምስተኛው እርምጃ ላይ ያለውን የማስተዋወቅ ሥራ እንደገና ሥሩት።